«እንዲ» እና «እንዳይ»፦ ሰብሳቢው ከመፈረሙ በፊት

በእኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ጋዜጠኛ መሆን ማለት ቃለ ጉባኤ መጻፍ ማለት ነው። ዲግሪዬን ይዤ ሥራ በማፈላልግበት ሰሞን፣ የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ጎረቤታችን ብድግ ብለው «እቺ ልጅ ጋዜጠኝነት አይደል እንዴ የተማረችው? ጸሐፊ ትሁንልና!» አሉ። ጭብጨባ ሆነ። እኔም «ተቃውሞ አለኝ» ለማለት እንኳ ሳልደርስ ተመረጥኩ። (የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤዬ የራሴን መመረጥ የሚገልጽ ነበር። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። የእኔን ድምፅ ማን ጠየቀ?)

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ሹመቴ አይደለም። በአንዲት ቃል ምክንያት ጎረቤቶቼን ዝናብ ላይ ስላስጣልኩበት ቃለ ጉባኤ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢያችን እጅ ላይ ወረቀት ከማስገባቴ በፊት ምን ምን እንደማደርግም ላወራችሁ ነው። መቼም ከእናንተ መካከል በእድር፣ በቁጠባ ማኅበር ወይም በመሥሪያ ቤት ኮሚቴ «አንተ ትጽፋለህ»፣ «አንቺ ትጽፊያለሽ» ተብላችሁ እስክሪብቶ ያልተሰጣችሁ ጥቂት ናችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ስብሰባ ነበረን። ከ84 አባወራና እማወራ 58ቱ ተገኝተው ፈርመዋል። ሦስተኛው አጀንዳ የምድር ቤቱ አዳራሽ ነበር። አንድ ነጋዴ ለመጋዘን ሊከራየው ጠይቋል። አዳራሹ ውስጥ የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮችና ድስቶች ይቀመጣሉ። ክርክሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። በመጨረሻ ብዙው ሰው «አይከራይም!» አለና በድምፅ ተወሰነ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በጥድፊያ ጻፍኩት፤ ማክሰኞ ማታ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት፤ ረቡዕ ጠዋት ሰብሳቢያችን ፈረሙበት፣ ማኅተም አደረጉበት፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

ወረቀቱ የሚለው ግን «የምድር ቤቱ አዳራሽ ለመጋዘን እንዲከራይ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል» ነበር።

«እንዳይከራይ» መሆን የነበረበት ነው። ዓርብ ዕለት የግቢው ጥበቃ፣ የታተመበትንና የተፈረመበትን ወረቀት አምኖ፣ ወንበሮቹን አውጥቶ ግድግዳ ሥር ደረደራቸው። ማታ ዘነበ። በነጋታው ጠዋት እትዬ አንዷ፣ በስብሰባው ላይ ከሁሉም በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ኪራዩን የተቃወሙ እናት፣ ሰሌዳው ፊት ቆመው አገኙኝ። «ልጄ፣ እኔ እጄን ያወጣሁት ለምን ነበር?» አሉኝ። ምን ልመልስ?

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የእኛ ቋንቋ እምቢታንና እሺታን የሚለየው ከግሡ ፊት በምትለጠፍ ቅንጣት ነው። «ይከፈል» እና «አይከፈል»፣ «እንዲሰጥ» እና «እንዳይሰጥ»፣ «የሚፈቀድ» እና «የማይፈቀድ»። ዓይን ደግሞ የሚያነበው የቃሉን ግንድ ነው። «…ከራይ» የሚለውን ሲያይ «አዎ፣ የኪራዩ ጉዳይ» ብሎ ያልፋል። ኮምፒውተሩም አያድናችሁም፤ «እንዲከራይ»ም «እንዳይከራይ»ም ለእሱ እኩል ትክክለኛ ቃላት ናቸው። የፊደል ግድፈት የለም! ወረቀቱ ንጹሕ ነው! እኔም ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አንብቤው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ያነበብኩት በጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ስብሰባ እንጂ ወረቀቱን አልነበረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር፣ ቃለ ጉባኤ እንደ ልብ ወለድ ከላይ እስከ ታች አይነበብም። አራት ጊዜ ይታያል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ዓይን አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ውሳኔዎቹን ብቻ፣ አንድ ጊዜ ቁጥሮቹን ብቻ፣ አንድ ጊዜ ስሞቹን ብቻ፣ በመጨረሻ ወረቀቱን ራሱን። ሌላ ስሕተት በመንገዴ ባይ እንኳ ምልክት አድርጌ አልፋለሁ እንጂ አልቆምም። ፊደል ለማረም የቆመች ዓይን ውሳኔ አይታያትም።

ውሳኔዎቹን የማየው ከመጨረሻው አጀንዳ ወደ መጀመሪያው ነው። ወደ ኋላ ሲነበብ ታሪኩ ስለሚቆራረጥ ጭንቅላት የሚያውቀውን መሙላት ያቅተዋል። የእያንዳንዱን ውሳኔ ግሥ በጣቴ እይዝና የፊት ቅንጣቷን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ «እንዳይ!»። ከዚያ ደብተሬን አያለሁ። አሁን አሁን ስብሰባ ላይ ሳለሁ ውሳኔ በተወሰነ ቁጥር በደብተሩ ኅዳግ ላይ በትልቁ «አዎ» ወይም «አይ» እጽፋለሁ፤ ጣቴ ያለበት ቅንጣት ከኅዳጉ ጋር ካልተስማማ እዚያው ይቆማል። ሁለተኛም መፈተኛ አለ። ከውሳኔው በላይ ያለውን የውይይት አንቀጽ አንብቡ። በእኔ ወረቀት ላይ ስድስት ተናጋሪዎች ኪራዩን ተቃውመዋል፣ ሁለት ደግፈዋል፤ ከሥሩ «እንዲከራይ በአብላጫ ድምፅ» ይላል። ውይይቱና ውሳኔው ፊት ለፊት ተያይተው ዝም ተባብለዋል። ከማኅተሙ በፊት ያንን ሁለት መስመር አጠገብ ላጠገብ ብመለከት ኖሮ ወንበሮቹ አይረጥቡም ነበር።

ድርጊት ፈጻሚ የሌለው ውሳኔም አለ። «ፓምፑ እንዲጠገን ተወስኗል።» ማን ያስጠግን? እስከ መቼ? ከየትኛው ገንዘብ? ከዚህ የባሰው ደግሞ ጠበቅና ላላ የማይታይበት ጽሕፈታችን የሚያመጣው ነው። «ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ይሰጣል» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። «ጣ» ላልቶ ቢነበብ ሰጪው ገንዘብ ያዥ ነው፤ ጠብቆ ቢነበብ ተቀባይ ሊመስል ይችላል። ተናጋሪው ሲናገር ግልጽ ነበር፤ ድምፁ ወረቀት ላይ አልመጣም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ «ገንዘብ ያዡ ለከፋዮች ደረሰኝ እንዲሰጡ» ተብሎ ሰጪውም ተቀባዩም ይጻፋል።

ግን እዚህ ላይ አንድ መስመር አለ፤ ብዙ ጸሐፊ ተሻግሮት ሲገኝ አያለሁ። ስብሰባው ቀነ ገደብ ካልቆረጠ እኔ ልቆርጥለት አልችልም። «እስከ ሰኔ 30» ብዬ ብጨምር ወረቀቱ ያምራል፤ ውሸት ነው። «ይሰጣል» የሚለውንም ማስተካከል የምችለው ደብተሬ ላይ ማን ለማን እንደሚሰጥ በግልጽ ካለ ብቻ ነው። ከሌለ፣ ለተናጋሪው ስልክ ደውዬ እጠይቃለሁ፤ ለሰብሳቢውም እነግራለሁ። ሙያችን ጥቅስ እንዳናሳምር አስተምሮናል አይደል? ቃለ ጉባኤም እንደዚያው ነው። የሰዋስው ግድፈት የኔ ነው፤ አርመዋለሁ። የውሳኔ ጉድለት የስብሰባው ነው፤ እንዳለ ይሄዳል፣ ከጎኑ ለሰብሳቢው የተጻፈ ጥያቄ ይዞ።

ወደ ቁጥሮቹ እንሂድ። ቁጥር አይነበብም፣ እንደገና ይሰላል። በዚያው ስብሰባ ወርኃዊ መዋጮ ከ200 ወደ 350 ብር እንዲያድግ ተወስኖ ነበር። ወረቀቴ «በወር ብር 24,900 (ሃያ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ) ይሰበሰባል» ይላል። 84 ቤት በ350 ሲባዛ 29,400 ነው፤ አኃዞቹ ቦታ ተለዋውጠውብኛል። በፊደል የተጻፈው ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ በአኃዝም በፊደልም የመጻፍ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ አንዱ ሌላውን ይመሰክርበታል። ግን ሁለቱ ሲጋጩ «የፊደሉ ይሆናል» ብሎ መገመት አይገባም። ማባዛት ነው።

የድምፅ ቆጠራውም እንዲሁ። 39 ድጋፍ፣ 12 ተቃውሞ፣ 6 ድምፀ ተአቅቦ። ድምሩ 57። የፈረሙት ግን 58 ናቸው። አንድ ሰው የት ገባ? ደብተሬን ሳገላብጥ አንድ አባል ለቅሶ ሊደርሱ በ5 ሰዓት ላይ አስፈቅደው እንደወጡ አገኘሁ። ቆጠራው ትክክል ነው፤ የጎደለው እሳቸው የወጡባት መስመር ናት። ያቺ መስመር ካልተጻፈች ነገ የተሸነፈ ወገን «ድምፁ ተጭበርብሯል» ቢል በምን ትመልሳላችሁ? በተረፈ «39 ድጋፍ» የሚለው ራሱ ችግር አለበት፤ ድጋፍ ለምን? የቀረበው ሐሳብ «አይከራይ» የሚል ከሆነ ድጋፍ ማለት ኪራይን መቃወም ነው። ስለዚህ አሁን «አዳራሹ እንዳይከራይ የሚለውን ሐሳብ የደገፉ 39» ብዬ እጽፋለሁ። ረዘመ? ይርዘም። ምልዓተ ጉባኤውንም ከመተዳደሪያ ደንቡ ጋር አያለሁ፤ የእኛ ደንብ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ይላል፤ ከ84 ይህ ማለት 43 ነው እንጂ 42 አይደለም። ሰው እየወጣ 42 ቢቀር ከዚያ በኋላ ያለው ውሳኔ ምን ላይ ነው የቆመው?

ቀን ከቁጥሮች ሁሉ ተንኮለኛው ነው። ምክንያቱም ሁላችንም ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ከፍተን፣ «ሴቭ አዝ» ብለን፣ በላዩ ላይ ነው የምንጽፈው። (አትካዱ!) ያለፈው ስብሰባችን መጋቢት 14 ነበር። እኔ ቀኑን ወደ 10 ቀየርኩና ወሩን ረሳሁት፤ «እሑድ መጋቢት 10 ቀን 2017»። ይህን የያዘችልኝ የሳምንቱ ቀን ናት። በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜ በቀር እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ስለሆነ የወሩ መባቻ ከወር ወር ሁለት ሁለት ቀን ይገፋል። የ2017 መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ፤ ጥቅምት 1 ዓርብ፣ ኅዳር 1 እሑድ፣ እንዲህ እያለ መጋቢት 1 ሰኞ ይሆናል። መጋቢት 10 እንግዲህ ረቡዕ ነው፤ የእኛ ግቢ ረቡዕ ጠዋት ተሰብስቦ አያውቅም። ግንቦት 1 ዓርብ ነው፤ ግንቦት 10 እሑድ። ገጠመ። በጣት የሚሠራ ሒሳብ ነው። ሰዓቱም አይረሳ፤ ስልኩ 9:00 ያለውን ወጣት ጸሐፊ እንዳለ ገልብጦ «9:00 ሰዓት» ቢል ስብሰባውን ከጠዋት ወደ ከሰዓት በኋላ ወሰደው ማለት ነው። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ ከተቀላቀሉ ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው።

ስሞች። የዚያኑ ዕለት የባንክ ፈራሚዎችን ቀይረን ነበርና ቃለ ጉባኤው ወደ ባንክ ሄደ። ከባንክ ተመለሰ። ከሦስቱ ፈራሚዎች የአንዷ ስም በእኛ ወረቀት «ሰናይት»፣ በመታወቂያቸው «ሠናይት» ነው። «ያው አይደል እንዴ?» አልኩ። ስናነበው ያው ነው። ቆጣሪው ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ግን የምታመሳስለው ፊደሉን ነው። ንዴቴን ከዋጥኩ በኋላ ልክ ናት አልኩ፤ የሰው ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ስም በግምት አይታለፍም። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ፤ እነዚህ ያሉበት ስም በሙሉ ከመታወቂያ ላይ እንጂ ከጆሮ አይጻፍም። አንድ የማታስተውሏት ነገር ልጨምር፦ ስሙን በCtrl+F ስትፈልጉ «ሠናይት» ብትሉ «ሰናይት»ን አያገኝላችሁም፤ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። «አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው» ብላችሁ አርማችሁ ስትጨርሱ ሌላው ገጽ ሦስት ላይ ተቀምጦ ይስቅባችኋል። በሁለቱም አጻጻፍ ፈልጉ። እኔ ለስሞች ታናሽ ወንድሜን እቀጥረዋለሁ፤ እሱ የፊርማውን ዝርዝርና የመታወቂያውን ኮፒ ይዞ እኔ ከወረቀቱ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ፊደል በፊደል እጠራለታለሁ። «ንጉሡ ሠ! እሳቱ ሰ!» እያልን። ቤተሰቡ አብደናል ብሎ ያስባል።

የመጨረሻው ዙር ወረቀቱን ማየት ነው። የፊርማው ቦታ ብቻውን አዲስ ገጽ ላይ ወድቋል ወይ? ከሆነ ያ ገጽ ከየትኛውም ሌላ ወረቀት ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ቢያንስ የመጨረሻው ውሳኔ አብሮት እንዲወርድ አደርጋለሁ። እያንዳንዱ ገጽ «ገጽ 2 ከ3» የሚል አለው ወይ? «አባሪ» ተብሎ የተጠቀሰው የፊርማ ዝርዝር በእርግጥ ተያይዟል ወይ? ከመጨረሻው ውሳኔ በታች የቀረ ባዶ ቦታ ካለ በመስመር ተዘግቷል ወይ? እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁለት ደቂቃ ነው።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግራት «ታዲያ ሰብሳቢው ምን ይሠራል? የሚፈርም ሰው ያንብብ!» አለችኝ። እውነት አላት፤ ግን እኔ አልስማማም። ሰብሳቢያችን ጋሼ ጡረተኛ ናቸው፣ መነጽራቸው አርጅቷል፣ ወረቀቱን የሚያዩት ደረጃ ላይ ቆመው ነው። ደግሞ እሳቸውም እንደ እኔ ስብሰባው ላይ ስለነበሩ ወረቀቱን ሳይሆን ትዝታቸውን ነው የሚያነቡት። ሰብሳቢው ሁሉን እንዲያነብ ከመመኘት ውሳኔዎቹን ብቻ፣ በግሣቸው ሥር አስምሬ፣ ጮክ ብዬ ላነብላቸው ይሻላል። አምስት ውሳኔ አምስት ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ የማይይዘው ስሕተትም አለ። ደብተሬ ራሱ ከተሳሳተ አራቱም ዙር በሰላም ያልፋል፤ እኔ የማመሳክረው ከደብተሬ ጋር ነውና። ለዚህ ነው ውሳኔ በተወሰነ ቁጥር እዚያው ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ልክ ነው?» ብዬ የማነበው። መጀመሪያ ላይ ሰው ይሰለቻል። ደብተሩንም ቀጣዩ ስብሰባ ቃለ ጉባኤውን እስኪያጸድቀው ድረስ አልጥለውም።

የአዳራሹ ነገር እንዴት አለቀ ብትሉ፣ አዲስ ወረቀት አትሜ በአሮጌው ፋንታ ልለጥፍ ነበር። አንድ የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆኑ ጎረቤት ናቸው «ተይ!» ያሉኝ። የተፈረመ ወረቀት በሥውር አይቀየርም። ኮፒው ነጋዴው እጅ ገብቷል፤ አንድ ቀን፣ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ ሊኖረን ነው። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ሰብሳቢው የፈረሙበት የእርማት ማስታወቂያ ወጣ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም የመጀመሪያው አጀንዳ «በግንቦት 10 ቃለ ጉባኤ አጀንዳ 3 ላይ ‹እንዲከራይ› የሚለው ‹እንዳይከራይ› ተብሎ እንዲታረም» የሚል ሆነ። በሰማንያ አራት ቤት ፊት፣ በራሴ እጅ፣ የራሴን ስሕተት ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፍኩ። ያንን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቁኝ።

አሁን ጋሼ ወረቀት ስሰጣቸው እስክሪብቶውን ከኪሳቸው አውጥተው ክዳኑን ሳይከፍቱ ይይዙታል። «ጣትሽን አስኬድሽበት?» ይሉኛል። «አስኬጃለሁ ጋሼ» ስል ነው የሚከፍቱት።